እሳት የሚገድለውና እሳት የማያወጣው

ከማንበባችን በፊት እነዚህን ቃላት እንወቅ።

ጀርም፦ በዓይን የማይታይ፣ ሕይወት ያለው፣ በሽታ የሚያመጣ ረቂቅ ነገር ነው።

ሟሟ፦ አንድ ነገር ውሃ ውስጥ ገብቶ እስከማይታይ ድረስ ተበተነ ማለት ነው። ስኳር በሻይ ውስጥ ይሟሟል።

ፍሎራይድ፦ ከድንጋይ ወጥቶ በውሃ ውስጥ የሚሟሟ ነገር ነው። ቀለምም ሽታም የለውም።

ሚሊግራም፦ 1 ግራም በ1,000 ሲካፈል አንዱ ድርሻ 1 ሚሊግራም ይባላል። በጣም ትንሽ ነው።

አሁን እናንብብ።

የእናታችን ጥያቄ

ባለፈው ሳምንት በዚህ ዓምድ ውሃን አፍልቶ ስለ መጠጣት አንብበን ነበር። ንባቡ እንዳለቀ ከመቂ ወደ ዝዋይ በሚወስደው መንገድ አጠገብ የሚኖሩ አንዲት እናት ተነሡ። ዝዋይ አሁን ባቱ የምትባለው ከተማ ናት። እንዲህ ሲሉ ጠየቁን።

«ልጆቼ፣ እናንተ የምትሉትን እኔ ድሮም አደርገዋለሁ። የጉድጓዱን ውሃ ሳላፈላ ለልጆቼ ሰጥቼ አላውቅም። እውነት ነው፣ ተቅማጥ ከቤቴ ወጥቷል። ግን የሦስቱም ልጆቼ ጥርስ በልዟል። እኔ ተወልጄ ያደግሁት አርሲ ደጋ ነው፤ ይኸው ጥርሴ ነጭ ነው። አንድ ቤት፣ አንድ ውሃ እንጠጣለን። ውሃው ፈልቶ እያለ እንዴት አድርጎ የልጆቼን ጥርስ ያበላሻል?»

እኛም «እማማ፣ ጥያቄዎ ትልቅ ነው፤ በሚቀጥለው ሳምንት በጽሑፍ እንመልሳለን» አልናቸው። መልሱ ለእሳቸው ብቻ አይደለም። ከወንጂ ጀምሮ በመቂ፣ በዝዋይ፣ በሻሸመኔና በሐዋሳ በኩል በሚያልፈው የስምጥ ሸለቆ ለሚኖር ሰው ሁሉ ነው።

መልሱ ባጭሩ ይህ ነው። በውሃ ውስጥ ሁለት ዓይነት ጉዳት ሊኖር ይችላል። አንደኛው ሕይወት አለው፤ እሱን እሳት ይገድለዋል። ሁለተኛው ሕይወት የለውም፤ በውሃው ውስጥ የሟሟ ነገር ነው። የሟሟውን ነገር እሳት አይገድለውም፤ ከውሃውም አያወጣውም። አሁን አንድ በአንድ እንየው።

እሳት የሚገድለው

ኮሌራ፣ ታይፎይድ፣ አሜባና ሌሎችም የሆድ በሽታዎች የሚመጡት ከጀርም ነው። ጀርሙ ከሰው ዓይነ ምድር ወደ ወንዝ፣ ወደ ኩሬ ወይም አፉ ወዳልተከደነ ጉድጓድ ይገባል። ከዚያም በውሃው አማካይነት ወደ ሌላ ሰው ሆድ ይገባል።

ጀርም ትንሽ ቢሆንም ሕይወት አለው። ሕይወት ያለው ነገር ደግሞ ሙቀት ይጎዳዋል። እንቁላልን አስቡ። ጥሬውን እንቁላል ዶሮ ብትታቀፈው ጫጩት ይወጣዋል። የተቀቀለውን እንቁላል ግን ዓመት ብትታቀፈው ጫጩት አይወጣውም። በውስጡ የነበረው በሙቀት ረግቷል፤ ተመልሶም እንደ ድሮው አይሆንም። በጀርሙም አካል ላይ የሚደርሰው ይኸው ነው።

ውሃ በባሕር ዳርቻ ሲሆን በ100 ዲግሪ ይፈላል። እንደ አዲስ አበባ ባለ ከፍተኛ ቦታ ግን 100 ሳይደርስ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ታዲያ በደጋ የፈላ ውሃ ጀርም አይገድልም ማለት ነው? አይደለም። ጀርሞች 70 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ መሞት ይጀምራሉ፤ የሚያስፈልገው ትንሽ ጊዜ መስጠት ነው። ስለሆነም ውሃው ከሥር እየተገለባበጠ መፍላት ከጀመረ በኋላ ከ2,000 ሜትር በታች ከፍታ ባለው ቦታ 1 ደቂቃ ይበቃዋል። ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው ቦታ ደግሞ 3 ደቂቃ ይፈላ። ከዚያ በኋላ ድስቱን ከእሳት ማውረድ ነው። ከዚህ በላይ ማፍላት እንጨት ማባከን ነው። ሌላም ጉዳት አለው፤ ወደ ኋላ እናያለን።

የፈላው ውሃ በከደነው ዕቃ ይቀዝቅዝ። በንጹሕ መቅጃ ይቀዳ። እጅ የገባበት የፈላ ውሃ እንደ ገና ጀርም ያገኘዋል።

እንግዲህ እናታችን ውሃ በማፍላታቸው ልጆቻቸውን ከተቅማጥ አድነዋል። ይህ ትክክል ነው፤ መተው የለበትም።

እሳት የማያወጣው

አሁን ወደ ሁለተኛው ጉዳት እንሂድ። ይህን በቤታችሁ ሞክሩት።

አንድ ድስት ውሃ ውሰዱ። አንድ ማንኪያ ጨው ጨምሩበትና አማስሉት። ጨው ሟሟ፤ አይታይም። ውሃውን ቅመሱት፤ ጨው ጨው ይላል። አሁን እሳት ላይ ጣዱትና ውሃው እስከ ግማሽ ድረስ እንዲጎድል አድርጋችሁ አፍሉት። ከዚያም አቀዝቅዛችሁ እንደገና ቅመሱት። ጨውነቱ ጠፋ ወይስ ጨመረ?

ጨመረ። ለምን? ጨው ሕይወት ስለሌለው አይሞትም። በእንፋሎት የሄደው ውሃው ብቻ ነው። ጨው ከእንፋሎት ጋር አይሄድም፤ ሁሉም ድስቱ ውስጥ ቀርቷል። ያው ጨው በግማሽ ውሃ ውስጥ ስለ ሆነ ጣዕሙ በረታ።

አረቄ የሚያወጣ ሰው ይህን ያውቃል። እንስራው ላይ እሳት ሲነድ እንፋሎቱ በመቃው በኩል ይወጣል፤ ቀዝቅዞም በሌላው ዕቃ ይጠራቀማል። የሚሄደው እንፋሎት ነው። አተላው ግን እዚያው እንስራው ውስጥ ይቀራል። በውሃ ውስጥ የሟሟ ነገርም እንደ አተላው ነው። እንፋሎቱ ይሄዳል፤ እሱ ይቀራል። የሚለየው እንፋሎቱን ይዘን ስንጠጣ ብቻ ነው። ነገር ግን ለአንድ ቤተሰብ በየቀኑ የሚበቃ ውሃ በዚህ መንገድ ለማውጣት እጅግ ብዙ እንጨት ይፈልጋል፤ ስለዚህ ለቤት አይሆንም።

ብዙ ጊዜ ውሃ የፈላበት ማንቆርቆሪያ ውስጡ ነጭ ቅርፊት ይይዛል። እሱም በውሃው ውስጥ ሟሙቶ የነበረ ድንጋይ ነው። አንዳንድ ሰው ይህን አይቶ «ቆሻሻው ወጣ፤ ውሃው ጠራ» ይላል። ቅርፊቱ በአብዛኛው እንደ ኖራ ያለ ነገር ነው። ፍሎራይድ ግን በዚህ መንገድ አይወጣም፤ ከምንጠጣው ውሃ ጋር ይቀራል።

የልጆቹን ጥርስ ያበለዘው ማን ነው?

ፍሎራይድ ነው። ይህ ነገር ከየት መጣ?

የስምጥ ሸለቆ መሬት ከጥንት ጀምሮ እሳተ ገሞራ የፈነዳበት ነው። ከዚያ የቀረው ድንጋይና አመድ ፍሎራይድ አለው። የዝናብ ውሃ ወደ መሬት ይሰርጋል። በድንጋዩ መካከል ለብዙ ዓመታት ሲቆይ ፍሎራይዱን ያሟሟዋል። የሞቀ ውሃ ደግሞ አብልጦ ያሟሟል። ስለዚህ በዚህ አካባቢ በጥልቅ ጉድጓድና በፍል ውሃ ምንጭ ብዙ ፍሎራይድ ይገኛል። የሻላና የአብያታ ሐይቆችም በዚህ የታወቁ ናቸው።

ሌላም ምክንያት አለ። ውሃ ውስጥ ካልሲየም የሚባለው የኖራ ዘር ብዙ ከሆነ ፍሎራይዱን ይይዘዋል፤ ድንጋይ ሆኖም ወደ ታች ይቀራል። በስምጥ ሸለቆ ውሃ ግን ካልሲየም ጥቂት ነው፤ ብዙ ያለው ሶዳ ነው። ስለዚህ ፍሎራይዱ የሚይዘው አጥቶ በውሃው ውስጥ ይኖራል።

ነገሩን የሚያስቸግረው ይህ ነው። ጥልቅ ጉድጓድ ከጀርም በኩል ሲታይ ከኩሬና ከወንዝ ይሻላል። ውሃው ጥርት ያለ ነው፤ ጥሩ ይጣፍጣል። ሰው «ይህ ንጹሕ ነው» ብሎ ያምነዋል። ፍሎራይድ ግን ውሃ አያደፈርስም፤ አይሸትም፤ በምላስም አይታወቅም።

ስንት ሲሆን ነው የሚጎዳው? የዓለም የጤና ድርጅት በ1 ሊትር ውሃ ውስጥ ከ1.5 ሚሊግራም መብለጥ የለበትም ይላል። ጥቂት ፍሎራይድ ጥርስን ያጠነክራል። የሚጎዳው መብዛቱ ነው። በወንጂ አካባቢ በነበሩ አንዳንድ ጉድጓዶች በ1 ሊትር ውሃ ውስጥ 10 ሚሊግራምና ከዚያ በላይ ተገኝቶ ነበር። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በወንጂ ሸዋ የስኳር እርሻ ለብዙ ዓመታት የሠሩ ሰዎች ወገባቸውና አንገታቸው ደርቆ ሐኪሞች መርምረዋቸዋል። ሕመሙ ከሚጠጡት የጉድጓድ ውሃ የመጣ መሆኑም ታውቋል።

እናቲቱ ነጭ፣ ልጆቹ የበለዙ

አሁን የእናታችንን ጥያቄ እንመልስ። አንድ ውሃ እየጠጡ የእሳቸው ጥርስ ነጭ ሆኖ የልጆቻቸው ለምን በለዘ?

ቋሚው ጥርስ ከድድ ከመውጣቱ በፊት በድድ ውስጥ ይሠራል። የሚሠራውም ልጁ ከተወለደ ጀምሮ እስከ 8 ዓመቱ ገደማ ነው። በዚህ ጊዜ ልጁ የሚጠጣው ውሃ ብዙ ፍሎራይድ ካለው የጥርሱ ነጭ ሽፋን በደንብ ሳይጠነክር ይቀራል። ጥርሱ ሲወጣ በመጀመሪያ እንደ ኖራ ነጭ ነጠብጣብ ወይም መስመር ይታይበታል። ቆይቶ ቡናማ ይሆናል። ጉዳቱ ሲበረታ የጥርሱ ፊት ይቦረቦራል።

እናታችን ግን እስከሚያድጉ ድረስ በአርሲ ደጋ ሌላ ውሃ ይጠጡ ነበር። ጥርሳቸው እዚያ ተሠርቶ አለቀ። ወደ ቆላ ሲመጡ ፍሎራይዱ የተሠራውን ጥርስ አላበለዘውም። ልጆቻቸው ግን እዚህ ተወልደው እዚህ አደጉ። ስለዚህ እናቲቱ ነጭ፣ ልጆቹ የበለዙ ሆኑ።

«እንግዲያው እኔን ውሃው አይነካኝም» ሊሉ ይችላሉ። ይህ ትክክል አይሆንም። አጥንት እስከ ዕድሜ መጨረሻ ፍሎራይድ ይሰበስባል። ብዙ ፍሎራይድ ያለበትን ውሃ ለረጅም ዓመታት የጠጣ ትልቅ ሰው ወገቡ፣ አንገቱና መጋጠሚያዎቹ መድረቅ ይጀምራሉ። ጎንበስ ማለት፣ ዞር ማለት ያቅተዋል። አንዴ የደረቀውን መገጣጠሚያ መልሶ የሚያለሰልስ መድኃኒት የለም። ስለዚህ ነው ቀድሞ ውሃውን መለወጥ የሚያስፈልገው።

እናንተስ በመንደራችሁ እንዴት ትለያላችሁ? በጫት፣ በትምባሆ ወይም በቡና የቆሸሸ ጥርስ ቆሻሻው ከላይ ነው፤ የጥርስ ሐኪም ሲጠርገው ይለቃል። በፍሎራይድ የበለዘው ግን ከራሱ ከጥርሱ ነው፤ ቢፋቅ አይለቅም። በግራና በቀኝ ባሉት ተመሳሳይ ጥርሶች ላይም እኩል ይታያል። ሌላው ምልክት ይህ ነው፦ እዚያ ያደጉት ልጆች በብዛት የበለዘ ጥርስ ካላቸው፣ ከሌላ አገር አድገው የመጡት ግን ከሌላቸው፣ ውሃውን መጠርጠር ተገቢ ነው።

ሲፈላ ፍሎራይዱ ምን ይሆናል?

በቁጥር እንየው። እንበል አንዲት እናት 10 ሊትር የጉድጓድ ውሃ ጣደች። በእያንዳንዱ ሊትር 3 ሚሊግራም ፍሎራይድ አለ። በጠቅላላው ስንት ነው?

10 × 3 = 30 ሚሊግራም።

እሳቱ ብዙ ነደደ፤ ውሃው ለረጅም ሰዓት ፈላ። 4 ሊትር በእንፋሎት ሄደ። የቀረው 6 ሊትር ነው። ፍሎራይዱ ግን አልሄደም፤ ያው 30 ነው። አሁን በእያንዳንዱ ሊትር ስንት አለ?

30 ÷ 6 = 5 ሚሊግራም።

እንግዲህ በ1 ሊትር 3 የነበረው 5 ሆነ ማለት ነው። ማፍላቱ ጀርሙን ገደለ፤ ፍሎራይዱን ግን አወፈረው። ከላይ «ከዚያ በላይ ማፍላት ሌላም ጉዳት አለው» ያልነው ይህንን ነው። ለ1 ወይም ለ3 ደቂቃ ብቻ የፈላ ውሃ ብዙ አይጎድልም፤ ፍሎራይዱም ብዙ አይወፍርም። ነገር ግን አይቀንስም።

ለምግብም ያው ነው። የሽሮ ወጥ ሲበስል ውሃው ይጎድላል፤ ወጡ ይወፍራል። በውሃው የነበረው ፍሎራይድ በሙሉ ወጡ ውስጥ ይቀራል። የሕፃን አጥሚትም እንደዚሁ ነው። ስለዚህ የምንጠጣው ብቻ ሳይሆን የምናበስልበትም ውሃ መታሰብ አለበት። ሻይ ቅጠል ራሱ ፍሎራይድ ስላለው፣ ፍሎራይድ በበዛበት ውሃ ሻይ አዘውትሮ ለሕፃናት መስጠት በጉዳት ላይ ጉዳት መጨመር ነው።

ክሎሪን የሚባለው የውሃ መድኃኒትም ጀርም ይገድላል እንጂ ፍሎራይድ አያወጣም። በጨርቅ ወይም በአሸዋ ማጥለልም ድፍርሱን ይይዛል እንጂ የሟሟውን አይይዝም። የጨው ውሃ በነጠላ ቢያጠሉት ጨውነቱ ይቀራል? አይቀርም። ፍሎራይዱም እንዲሁ ነው።

ሌሎችም አሉ

እሳት የማያወጣው ፍሎራይድ ብቻ አይደለም። አርሴኒክ የሚባል መርዝ አለ። በባንግላዴሽ አገር ሕዝቡን ከኩሬ ውሃ ተቅማጥ ለማዳን ተብሎ በ1970ዎቹ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር እጅግ ብዙ የቧንቧ ጉድጓዶች ተቆፈሩ። ውሃው ጥርት ያለ ነበር። በ1990ዎቹ ግን በብዙዎቹ ጉድጓዶች አርሴኒክ እንዳለ ታወቀ። አርሴኒክም ውሃ ቢፈላ አይወጣም። እርሳስ የሚባለው ከባድ ብረትም እንደዚሁ ነው።

በቤታችን ደግሞ አንድ ነገር እናስታውስ። የፀረ ተባይ መድኃኒት የነበረበት ጀሪካን ቢታጠብም ለመጠጥ ውሃ መቅጃ መሆን የለበትም። መርዙ በዕቃው ውስጥ ይቀራል፤ ወደ ውሃውም ይገባል። ውሃውን በማፍላት መርዙ ጠፋ ብሎ መተማመን አይቻልም።

ታዲያ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ውሃውን እናስመርምር። ፍሎራይድ በዓይንም በምላስም ስለማይታወቅ ሌላ መንገድ የለም። ንጹሕ የፕላስቲክ ጠርሙስ ይዛችሁ በዚያው በጉድጓዱ ውሃ ሦስት ጊዜ አለቅልቁት። ከዚያም ሙሉት፤ ክደኑት። የጉድጓዱን ስምና የተቀዳበትን ቀን በወረቀት ጽፋችሁ ለጥፉበት። አሁን መጻፍ ስለቻላችሁ ይህን ራሳችሁ ማድረግ ትችላላችሁ። ጠርሙሱን ወደ ወረዳው የውሃ ጽሕፈት ቤት ወይም ወደ ጤና ጣቢያው አድርሱና ፍሎራይዱ እንዲመረመር ጠይቁ። ውጤቱ ሲመጣ ቁጥሩን ራሳችሁ አንብቡ፤ ከ1.5 በላይ ነው ወይስ በታች? እያንዳንዱ ጉድጓድ ለየብቻው ይመርመር። በአንድ መንደር የሚገኙ ሁለት ጉድጓዶች ፍሎራይዳቸው ሊለያይ ይችላልና።

ሁለተኛ፣ ውሃን በሥራው እንለየው። ፍሎራይድ የበዛበት ውሃ ለልብስ ማጠቢያ፣ ለገላና ለቤት ማጽጃ ይሆናል። በቆዳ በኩል አይጎዳም። የተሻለው ውሃ ለመጠጥና ለምግብ ይቆጠብ። ለመጠጥና ለምግብ ለአንድ ሰው በቀን 5 ሊትር ብንይዝ፣ ስድስት ሰው ላለበት ቤት 30 ሊትር ያስፈልጋል። ይህም አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ተኩል ነው። የተሻለው ውሃ ጥቂት ከሆነ ከ8 ዓመት በታች ላሉት ልጆች ይቅደም፤ ጥርሳቸው ገና በመሠራት ላይ ነውና።

ሦስተኛ፣ የዝናብ ውሃ እናጠራቅም። ከሰማይ የሚወርደው ውሃ በድንጋይ ውስጥ ስላላለፈ ፍሎራይዱ ከምንም አይቆጠርም። ቆርቆሮ ቤት ያለው ሰው እንዲህ ያስላ። ርዝመቱ 6 ሜትር፣ ወርዱ 5 ሜትር የሆነ ጣሪያ 30 ካሬ ሜትር ነው። 10 ሚሊሜትር ዝናብ ቢዘንብ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር 10 ሊትር ይወርዳል፤ በጠቅላላው 300 ሊትር ነው። በየመንገዱ የሚፈሰውን አንድ አምስተኛ ብንቀንስ 240 ሊትር ይቀራል። በቀን 30 ሊትር ለሚያስፈልገው ቤት ለ8 ቀን ይሆናል።

ነገር ግን በጣሪያው ላይ አቧራና የወፍ ኩስ አለ። በመጀመሪያ የሚወርደው ውሃ ይደፋ። ማጠራቀሚያው ይከደን። የዝናብ ውሃም ሆነ የወንዝ ውሃ ጀርም ስለሚኖረው ለመጠጥ ሲሆን ይፈላ። ማፍላት ቦታው እዚህ ነው!

አራተኛ፣ ፍሎራይድን ከውሃ የሚያወጣ ዘዴ አለ። አንዱ የአጥንት ከሰል ነው። የከብት አጥንት አየር ብዙ በማይገባበት ምድጃ ይከሰላል፤ ይሰበራል፤ በወንፊት ይነፋል፤ በባልዲ ወይም በበርሜል ይሞላል። ውሃው ቀስ እያለ በውስጡ ሲያልፍ ከሰሉ ፍሎራይዱን ይይዛል። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ግን ከሰሉ ይጠግባል፤ መያዙን ይተዋል። መጥገቡ በዓይን አይታይም፤ የሚታወቀው የወጣው ውሃ ሲመረመር ነው። በደንብ ያልከሰለ አጥንት ደግሞ ውሃውን ያሸተዋል። ስለዚህ ያልሠለጠነ ሰው በቤቱ የሚሠራው አይደለም። ከምን ከብት አጥንት እንደ ተሠራም ሕዝቡ አውቆ ሊስማማበት ይገባል።

ሌላው ዘዴ በሕንድ አገር የተጀመረ ነው፤ በቦታው ስም ናልጎንዳ ይባላል። አሉም የሚባል መድኃኒትና ኖራ በውሃው ውስጥ ተጨምረው ይማሰላሉ። ከዚያ ውሃው እንዲረጋ ይተዋል። ፍሎራይዱ ከአተላው ጋር ወደ ታች ይወርዳል፤ ከላይ ያለው ጥሩው ውሃ ይቀዳል። አተላው ሰውና ከብት በማይደርሱበት ይቀበራል። የአሉሙ መጠን የሚወሰነው በውሃው የፍሎራይድ ልክ ስለሆነ መጀመሪያ ምርመራ ያስፈልጋል።

ለእናታችን

እማማ፣ ለጥያቄዎ መልሳችን ይህ ነው። ማፍላትዎ ልጆችዎን ከጀርም አድኗል። ጥርሳቸውን ያበለዘው ግን ጀርም አይደለም፤ በውሃው ውስጥ የሟሟ ፍሎራይድ ነው። እሱን እሳት አይነካውም። የሦስቱ ልጆች ጥርስ በመፋቅ ተመልሶ ነጭ አይሆንም፤ አይፋቁት፣ ይላጣል። ቢሆንም ውሃው ዛሬ ቢለወጥ አጥንታቸው ይተርፋል። ቋሚ ጥርሱ ገና ያልወጣ ልጅ ካለም ገና በመሠራት ላይ ያለው ጥርሱ ይድናል። በሚመጣው ሰኞ የጉድጓዱን ውሃ በጠርሙስ ቀድተን ከእርስዎ ጋር ወደ ወረዳው እንሄዳለን። በጠርሙሱ ላይ የሚለጠፈውን ወረቀት እርስዎ ይጻፉት።

እንጠያየቅ

መልሱን በደብተራችሁ ጻፉ።

1. የተቀቀለ እንቁላል ጫጩት የማይወጣው ለምንድን ነው? ጀርምስ ሲፈላ ምን ይሆናል?

2. የጨው ውሃ ለረጅም ጊዜ ሲፈላ ጨውነቱ ለምን ይጨምራል?

3. በእያንዳንዱ ሊትር 2 ሚሊግራም ፍሎራይድ ያለበት 10 ሊትር ውሃ ፈልቶ 8 ሊትር ቀረ። አሁን በ1 ሊትር ስንት ሚሊግራም አለ? ከ1.5 ይበልጣል ወይስ ያንሳል?

4. የዝናብ ውሃ ፍሎራይድ ከሌለው ለምን እናፈላዋለን?

5. የምትጠጡት ውሃ ከየት ይቀዳል? የጉድጓዱን ስምና የዛሬውን ቀን ጻፉ።